አንድ ቢት ለብዙ ገዢ፦ ከማሲንቆ ቀረጻ እስከ ኤክስክሉሲቭ ሽያጭ

መስከረም፦ ቢቱ

ቢት፣ ማለትም ዘፋኝ ድምፁን የሚጨምርበትን ሙዚቃ፣ እየሠራሁ እሸጣለሁ። አዲሱ ቢት የቆመው በማሲንቆ ላይ ነው። ስሙን «ካፊያ» ብዬዋለሁ። ከበሮውንና ቤዙን የሠራሁት እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ማሲንቆውን የተጫወቱት ግን አዲስ አበባ ያሉ አንጋፋ አዝማሪ ናቸው። ሰፈራቸው ባለች ትንሽ ስቱዲዮ ተቀርጸው በቴሌግራም ላኩልኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ቀረጻ በቴሌግራም ሲላክ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ አለበት። አለበለዚያ ድምፁ ተጨምቆ ይመጣል። የማሲንቆ ፀጉር ሲፋተግ የሚሰጠው ያ ሻካራ ድምፅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ነው።

ቅኝቱ ትዝታ ማይነር ነው። መነሻው ሲ ሲሆን ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ እና ኤ ፍላት ይሆናል። ፍጥነቱ 140 ቢፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ 140 ምት ነው፤ ከበሮው የትራፕ ስልት። አዝማሪው ማሲንቋቸውን ከመቃኘታቸው በፊት የሲ ድምፅ ብቻ ያለበት አጭር ቅጂ ላክሁላቸው። በእሱ ላይ ስለቃኙ እኔ ጋ ሲደርስ ምንም ማስተካከል አላስፈለገም።

ጓደኞቼ «ከድሮ ሸክላ ትንሽ ቆርጠህ ብታስገባ አይቀልህም ወይ?» ይሉኛል። ለማድመጥ ከሆነ ይቀላል፤ ለመሸጥ ግን አይሆንም። አንድ የተቀዳ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። አንዱ የድርሰቱ ነው፤ ዜማውና ግጥሙ። ሌላው የቀረጻው ነው፤ ያ የተለየ ድምፅ በዚያ ቀን የተቀዳበት። ዜማው ባለቤቱ የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ቢሆን እንኳ ቀረጻው ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ያን ሳላስፈቅድ ቢት ውስጥ ከከተትኩ፣ ለገዢው የምሸጥለት የእኔ ያልሆነ ነገር ነው።

የሊል ናስ ኤክስ «ኦልድ ታውን ሮድ» የተሠራበትን ቢት ብዙ ሰው ያውቀዋል። ያንግኪዮ የሚባል የኔዘርላንድስ ፕሮዲዩሰር ነው የሠራው። ዘፋኙ ቢት በሚሸጥበት ድረገጽ፣ ቢትስታርስ ላይ፣ በ30 ዶላር ገዛው። ቢቱ ውስጥ ያለው የባንጆ ድምፅ ናይን ኢንች ኔይልስ ከሚባለው የአሜሪካ ባንድ ሥራ የተወሰደ ነበር። ዘፈኑ በ2019 ዓለምን ሲያዳርስ ያን የተወሰደ ድምፅ፣ ሳምፕሉን፣ ማስፈቀድ ግድ ሆነ፤ የባንዱ ትሬንት ሬዝነርና አቲከስ ሮስም በደራሲነት ስማቸው ገባ። የዚያ ነገር መጨረሻ አምሯል። ባለመብቱ እምቢ ቢል ኖሮ ግን ያ ሁሉ ዘፈን ከየሙዚቃ መተግበሪያው መውረድ ነበረበት።

መስከረም መጨረሻ፦ ከአዝማሪው ጋር የተፈረመው ወረቀት

ገንዘብ ከመላኬ በፊት በስልክ ተነጋገርን። እንደ ተራ ቀረጻ ከፍዬ ልጨርስ አልፈለግሁም። ምክንያቱም የቢቱን ሁለተኛ ክፍል የሚሸከመውን ዜማ እኔ አልሰጠኋቸውም። እዚያው ሲጫወቱ ነው ያመጡት።

«ጋሼ፣ ይቺ ሁለተኛዋ ዜማ የእርስዎ ናት» አልኳቸው።

«የእኔማ ናት። እንዲያው እጄ ላይ የመጣች ናት» አሉኝ።

ይህ ንግግር ውሉን ይቀይረዋል። የተሰጠውን ብቻ የሚጫወት ሰው ያለው መብት በቀረጻው ላይ ነው። ዜማ ያመጣ ሰው ግን የድርሰቱም ተባባሪ ደራሲ ነው። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ሕግ ከሁለት ተባባሪ ደራሲዎች አንዱ ብቻውን ለብዙ ሰው የሚሰጥ ተራ ፈቃድ መሸጥ ይችላል፤ ገቢውን ማካፈል አለበት እንጂ። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ ኤክስክሉሲቭ ፈቃድ ለመሸጥ ግን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ወረቀት ብቀጥል ሊዝ የሚባለውን ተራ ፈቃድ መሸጥ እችል ነበር። ትልቁ ገዢ ሲመጣ ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ነው።

ከኢንተርኔት የሚወርዱ የውል ናሙናዎች አብዛኞቹ «ይህ ሥራ በቅጥር የተሠራ ነው» የሚል አንቀጽ አላቸው። ይህ አንቀጽ ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካ ሕግ ተቀጣሪ ያልሆነ ሰው የሠራው ሥራ በዚህ መንገድ የከፋዩ የሚሆንባቸውን ዓይነቶች ዘርዝሮ ነው ያስቀመጠው። የሙዚቃ ቀረጻ በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ የለም። ስለዚህ በውላችን ላይ «በቀረጻው ላይ ያለኝን መብት አስተላልፌያለሁ» የሚል ግልጽ ቃል አስገባን፤ ፊርማም አረፈበት። የኢትዮጵያው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለከዋኞች ለብቻው መብት ይሰጣል። አዝማሪው የተቀረጹት አዲስ አበባ ስለሆነ ውሉን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አዘጋጀሁት። የማያነቡትን ነገር እንዲፈርሙ ማድረግ ደግሞ ለእኔ ነውር ነው።

የተስማማነው ይህን ነው። ለቀረጻው 150 ዶላር ወዲያው ተከፈለ። ከቢቱ ሽያጭ ሁሉ 20 በመቶ የእሳቸው ነው። ከቢቱ የድርሰት ድርሻም 20 በመቶ በስማቸው ይመዘገባል። ፈቃድ የመሸጥ ሥልጣን፣ ኤክስክሉሲቩን ጨምሮ፣ ለእኔ ተሰጠ። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በሐዋላ ይላካል፤ ከእሱ ጋር እያንዳንዱ ሽያጭ የተዘረዘረበት ወረቀት አብሮ ይሄዳል።

ጥቅምት፦ ፋይሎቹ

ሚክሱን ጨርሼ ፋይሎቹን አወጣሁ። ለማስደመጫ የሚወጣው ኤምፒ3 ላይ ብቻ ታግ፣ ማለትም ስሜን የሚጠራ አጭር ድምፅ፣ በየግማሽ ደቂቃው ይሰማል። የሚሸጡት ንጹህ ናቸው። ታጉን ከማሲንቆው ዜማ ጋር ነው ያጋጨሁት፤ ባዶ ቦታ ላይ ካስቀመጡት ቆርጦ ማውጣት ቀላል ነው።

ስቴሞቹ፣ ማለትም እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው የወጣባቸው ፋይሎች፣ ላይ አንድ ሕግ አለኝ። ሁሉም ከመጀመሪያው ባር ይጀምራሉ፤ ሁሉም እኩል ርዝመት አላቸው። ማሲንቆው የሚገባው ዘግይቶ ቢሆንም ፋይሉ ከዜሮ ይነሳል፤ ፊቱ ዝምታ ነው። እንዲህ ካልሆነ ገዢው ሁሉንም ፕሮግራሙ ላይ ሲጥላቸው ይዛነፋሉ። ቅጂው ያልተጨመቀ፣ ባለ 24-bit ዋቭ ፋይል ነው። ማስተሪንግ የሚያደርግ ሰው ቦታ እንዲኖረው ከፍተኛውን ድምፅ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጌ ተውኩት።

አሰያየሙ ይህን ይመስላል።

```
Kafya_140bpm_Cm_TAGGED.mp3
Kafya_140bpm_Cm.wav
Kafya_STEMS/
  01_Kick_140bpm_Cm.wav
  02_808_140bpm_Cm.wav
  03_Masinko_140bpm_Cm.wav
```

የሥራውን ዋና ፋይልና አዝማሪው የላኩትን ያልተነካ ቀረጻም በሁለት ቦታ አስቀመጥኩ። ክርክር ቢመጣ የተጠናቀቀው ዋቭ ገዢውም እጅ ላይ ይኖራል። ጥሬው ቀረጻ ግን ከእኔና ከአዝማሪው ሌላ ማንም ጋ የለም።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ምዝገባ፣ ከመለጠፉ በፊት

መብቱ የሚወለደው ሥራው ሲቀረጽ ነው። በአሜሪካም በኢትዮጵያም መብት ለማግኘት መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ታዲያ ለምን ገንዘብ አወጣሁ? ምክንያቱም በአሜሪካ እዚሁ የተሠራ ሥራ ሳይመዘገብ ፍርድ ቤት መክሰስ አይቻልም። ከዚያም በላይ ቀኑ ወሳኝ ነው። ጥሰቱ ከመፈጸሙ በፊት፣ ወይም ሥራው በወጣ በሦስት ወር ውስጥ ከተመዘገበ፣ በሕግ የተወሰነ ካሣ መጠየቅ ይቻላል። ይህም በአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ነው፤ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000 ይደርሳል። ከዘገየ ግን ባለመብቱ ምን ያህል እንደከሰረ አንድ በአንድ ማስረዳት አለበት። በ50 ዶላር የሚሸጥ ቢት ላይ ያን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም ገምቱት።

ብቻዬን የሠራኋቸውን ያልወጡ ቢቶች በአንድ ማመልከቻ በጥቅል አስመዘገብኩ። ይህ ያልታተሙ ሥራዎች ጥቅል እስከ 10 ሥራ ይይዛል፤ ክፍያው 85 ዶላር ነው። ካፊያን ግን እዚያ መጨመር አልቻልኩም። ጥቅሉ የሁሉም ሥራ ደራሲ አንድ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ካፊያ ደግሞ የአዝማሪውም ነው። ስለዚህ ለብቻው በ65 ዶላር ገባ፤ ሁለታችንም በደራሲነት ተጻፍን። 

ሲዲ ለራስ በፖስታ ልኮ ሳይከፍቱ ማስቀመጥ የሚባል የቆየ ምክር አለ። ይህ ምዝገባን አይተካም። ሰዎች አሁንም ሲመክሩት እሰማለሁ፤ ለቴምብሩ አታውጡ።

ኅዳር፦ የፈቃድ ዓይነቶች

ቢትስታርስ ላይ ከመለጠፌ በፊት ውሎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። እንዲህ ያሉ የመሸጫ ድረገጾች የተዘጋጀ ናሙና አላቸው፤ ቁጥሮቹንና አንቀጾቹን ግን ሻጩ ነው የሚወስነው።

ሊዝ ማለት ገዢው ቢቱን ለአንድ አዲስ ዘፈን እንዲጠቀምበት የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ቢቱ የእኔና የአዝማሪው እንደሆነ ይቀጥላል። ያንኑ ቢት ለሌላም እሸጠዋለሁ፤ ዋጋው ዝቅ የሚለውም ለዚህ ነው። ኤምፒ3 ብቻ የሚያገኝ 30 ዶላር ይከፍላል። ዋቭ የሚያገኝ 50፣ ስቴሞቹንም የሚወስድ 100 ዶላር። በሦስቱም ላይ ጣሪያ አለ። ለምሳሌ የዋቭ ሊዙ እስከ 100,000 ስትሪም፣ አንድ የሙዚቃ ቪዲዮና የሦስት ዓመት ጊዜ ይፈቅዳል። ጣሪያው ሲሞላ ገዢው ልዩነቱን ከፍሎ ወደ ላይኛው ያድጋል። አራተኛው ያልተገደበ የሚባለው ነው፤ 200 ዶላር። ጣሪያ የለውም፤ ሆኖም አሁንም ለሌላ ሰው ሊሸጥ የሚችል ፈቃድ ነው። ብዙ ገዢ ይህን ከኤክስክሉሲቭ ጋር ያደባልቀዋል። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ «ቢቱ ለሌሎችም ይሸጣል» ብዬ በግልጽ ጻፍኩ።

ኤክስክሉሲቭ ዋጋው በድርድር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለማንም አልሸጥም። በአሜሪካ ሕግ ኤክስክሉሲቭ መብት በጽሑፍና በሰጪው ፊርማ ካልሆነ አይተላለፍም። በቃል «እሺ ያንተ ነው» ተባብሎ ብር መላላክ ኤክስክሉሲቭ አያደርግም።

የድርሰት ድርሻው በሁሉም ሊዝ እኩል ነው፤ ግማሹ የቢቱ፣ ግማሹ የዘፋኙ። የካፊያን ሒሳብ እንሥራው። ከ100 ውስጥ 50 የዘፋኙ ነው። የቀረው 50 የቢቱ ነው። ከዚያ ላይ የአዝማሪው 20 በመቶ 10 ይሆናል፤ 40 ለእኔ ይቀራል። ይህ ገንዘብ ዘፈኑን ስፖቲፋይ ላይ የሚያወጣው አከፋፋይ ከሚከፍለው የተለየ ነው። አከፋፋዩ የቀረጻውን ገቢ ለዘፋኙ ይልካል። የድርሰቱ ገቢ የሚመጣው ለደራሲዎች ክፍያ በሚሰበስቡ እንደ አስካፕና ቢኤምአይ ባሉ ድርጅቶች እና በአሜሪካ ከ2021 ጀምሮ የስትሪሚንግ የድርሰት ክፍያን በሚሰበስበው ዘ ኤምኤልሲ በኩል ነው። የሚመጣውም ዘፈኑ እዚያ በትክክለኛ ስምና ድርሻ ከተመዘገበ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሉ ገዢውን ዘፈኑ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ርዕሱንና ሊንኩን እንዲልክልኝ ያስገድደዋል። ካላወቅሁት አላስመዘግበውም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ፣ ዩቲዩብ በቪዲዮ ውስጥ ያለን ሙዚቃ በድምፁ ለይቶ የሚይዝበትን ኮንተንት አይዲን የሚመለከተው ይህ አንቀጽ ነው፦

«ፈቃድ ገዢው ቢቱን ወይም ቢቱ ያለበትን ሥራ በኮንተንት አይዲም ሆነ በሌላ ተመሳሳይ የድምፅ መለያ ሥርዓት አያስመዘግብም፤ ሌላ ሰው እንዲያስመዘግብለትም አይፈቅድም።»

ይህን በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በደማቁ፣ ከፊርማው ቦታ በላይ አስቀመጥኩት።

ኅዳር መጨረሻ፦ ለቪዲዮ ሠሪዎች የሚሆነው ሌላ ነገር ነው

አንድ ወዳጄ ካፊያን ሮያሊቲ ፍሪ ሙዚቃ በሚሸጡ መደብሮችም እንዳስገባው መከረኝ። አላስገባሁም። የዚያ ገበያ ገዢ ቪዲዮ ሠሪ ነው። አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ከዚያ ቪዲዮው በታየ ቁጥር ተጨማሪ አይጠየቅም። ሙዚቃው ነጻ ነው ወይም ባለቤት የለውም ማለት ግን አይደለም። በብዙዎቹ ፈቃድ ላይም መዝፈን አይፈቀድም። ካፊያ እዚያ በብዙ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ለማንም ኤክስክሉሲቭ ብዬ ልሸጠው አልችልም፤ የተሰጠውን ፈቃድ መልሼ አልሰበስበውም።

ለዚያ ገበያ ሌላ ሙዚቃ በክራር ሠራሁ። ሙሉው፣ የ60 ሰከንዱ፣ የ30 ሰከንዱና ዞሮ ከመጀመሪያው ጋር የሚገጥመው ቅጂ ለየብቻ ወጣ። የቪዲዮ አርታኢ መቁረጥ አይወድም፤ በልኩ የተቆረጠ ነው የሚፈልገው።

ጥር፦ ሁለት ገዢ፣ አንድ ግጭት

ካፊያ ተሸጠ። መጀመሪያ የዋቭ ሊዝ የገዛው ዳላስ የሚኖር ራፐር ነው። ቀጥላ ቴል አቪቭ ያለች፣ በአማርኛና በዕብራይስጥ የምትዘፍን ልጅ ገዛች። ሁለቱም ዘፈናቸውን አወጡ። ሁለቱንም ወደድኳቸው፤ በአንድ ማሲንቆ ላይ ሁለት የማይገናኙ ስሜቶች።

ከዚያ የቴል አቪቭዋ ጻፈችልኝ። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮዋ የባለመብት ጥያቄ ተነስቶበታል፤ ገቢው ወደ ሌላ ሰው እየሄደ ነው። «ሰርቀሃል ወይ? የሌላ ሰው ነው እንዴ የሸጥክልኝ?» አለችኝ። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። የራሴን የማስደመጫ ቪዲዮ ስከፍት እዚያም ያው ጥያቄ ተለጥፏል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ዘፋኝ ዘፈኑን በአከፋፋይ በኩል ሲያወጣ ቅጹ ላይ «ዩቲዩብ ኮንተንት አይዲ» የሚል ሳጥን አለ። ገንዘብ የሚያስገኝ ስለሚመስል ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ ሥርዓቱ የዘፈኑን ድምፅ እንደ አሻራ ይይዛል። በአሻራው ውስጥ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ቢት አለ። ያንኑ ቢት ያለበት ቪዲዮ ሁሉ ሲመጣ ሥርዓቱ የመጀመሪያውን ሰው ባለቤት አድርጎ ይይዛል። ኮንተንት አይዲ የሚፈቅደው በብቸኝነት የያዙትን ድምፅ ብቻ ነው፤ ሊዝ የገዛ ሰው ደግሞ ያ መብት የለውም። ቅጹን የሚሞላው ሰው ግን ይህን አያስተውለውም።

የተመሳሰለው ቢቱ እንጂ ዘፈኗ አለመሆኑ እንዴት ታወቀ? ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ የጥያቄውን ዝርዝር ሲከፍቱ የተመሳሰለው ክፍል ከስንት እስከ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ያሳያል። በእሷ ቪዲዮ ላይ ከዜሮ ነበር የሚጀምረው። እዚያ ላይ ማንም አይዘፍንም፤ ቢቱ ብቻ ነው። በጥያቄው ላይ የተጻፈው ዘፈንም የዳላሱ ራፐር ዘፈን ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ለእሷ ሁሉንም ነገር መላክ ነው፦ የምዝገባ ቁጥሩን፣ ከአዝማሪው ጋር ያለንን ውል የመጀመሪያ ገጽ፣ የእሷን ፈቃድ። ከዚያ ወዲያው ተቃውሞ እንድታስገባ ነገርኳት። ጊዜው እዚህ ላይ ገንዘብ ነው። ጥያቄው በተነሳ በ5 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ከገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ገቢ ተይዞ ይቆያል። ከዘገየ የሚያዘው ከተቃወሙበት ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ምክንያት ምረጡ ሲል «ፈቃድ አለኝ» የሚለውን መረጠች፤ የፈቃዱን ቁጥርና ቀን ጻፈች። ጠያቂው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ዝም ካለ ጥያቄው ይሰረዛል።

ለራፐሩ ደግሞ ደወልኩለት። ልጁ ደንግጦ ነው ያዳመጠኝ። «ሳጥኑን ሁሉም ሰው ቲክ ያደርገዋል ብዬ ነው ወንድሜ» አለኝ። አምኜዋለሁ። ውሉ ጥሰት ለማረም 14 ቀን ይሰጣል። አከፋፋዩ ጋ ገብቶ ኮንተንት አይዲውን እንዲያስነሳ፣ የተነሱትንም ጥያቄዎች እንዲለቅ የሚጽፈውን አጭር ደብዳቤ አብረን አዘጋጀን። ዘፈኑ ከስፖቲፋይም ሆነ ከዩቲዩብ አይወርድም፤ የሚነሳው አሻራው ብቻ ነው። ይህን ደጋግሜ ነገርኩት፤ ሰው የሚፈራው ዘፈኑ እንዳይጠፋ ነው።

የማውረጃ ጥያቄ አስገብቼ ቪዲዮውን ላስነሳበት እችል ነበር ወይ? አይገባም። እሱ ለቢቱ ከፍሏል፤ ቪዲዮው ራሱ ሕጋዊ ነው። የማውረጃ ጥያቄ በቻናሉ ላይ ማስጠንቀቂያ ይተዋል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ቻናል ሊዘጋ ይችላል። እያወቁ የሐሰት ጥያቄ ማስገባት ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ራሱ ያስጠይቃል። ይህ መሣሪያ የሚውለው ሳይገዛ ታጉን ቆርጦ ለሚጠቀም ሰው ነው።

የካቲት፦ የተለወጡ ነገሮች

ጥያቄዎቹ ተለቀቁ። የቴል አቪቭዋ ተይዞ የነበረውን ገቢ አገኘች።

ውሉ ላይ አንቀጹ ነበር፤ ግን ሰው ውል አያነብም። ስለዚህ አሁን ፋይሉ ሲወርድ አብሮ የሚሄድ አንድ ገጽ አለ። «ዘፈንህን ስታወጣ» ይላል ርዕሱ። ሦስት ነገር ብቻ ነው የያዘው፦ የኮንተንት አይዲ ሳጥኑን ባዶ ተው፣ የደራሲያኑን ስም እንዲህ ጻፍ፣ ሊንኩን ላክልኝ።

ቢቱን እኔው ኮንተንት አይዲ ላይ ባስመዘግበውስ ብዬ አስቤ ነበር። የሚያደርጉ ፕሮዲዩሰሮች አሉ። ያኔ ግን የእያንዳንዱ ደንበኛ ቪዲዮ በእኔ ስም ይያዛል፤ እኔም አንድ በአንድ መልቀቅ አለብኝ። ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው ሌሊት ዘፈኑን ሲለቅ የእኔን ጥያቄ እንዲያገኝ አልፈልግም። ሊዝ እየሸጥኩ እያለ ካፊያ ኮንተንት አይዲ ላይ አይገባም።

ሚያዝያ፦ የኤክስክሉሲቭ ጥያቄ

አትላንታ ያለ አንድ ዘፋኝ ካፊያን ለብቻው ፈለገ። 900 ዶላር ላይ ተስማማን። ከዚህ ላይ 180ው የአዝማሪው ነው። ደውዬ ነገርኳቸው። «እሱ ልጅ ዘፈኑን ሲጨርስ ላክልኝ፤ ማሲንቆዬን እንዳይደብቀው» አሉኝ።

ዘፋኙ መጀመሪያ የጠየቀው ሌሎቹ ዘፈኖች እንዲወርዱ ነው። አይሆንም አልኩት፤ ምክንያቱን በስልክ ረጋ ብዬ አስረዳሁት። በአሜሪካ ሕግ ቀድሞ በጽሑፍ ተፈርሞ የተሰጠ ተራ ፈቃድ፣ በኋላ መብቱ ለሌላ ቢተላለፍም ይጸናል። የሸጥኳቸው ሰዎች ጊዜያቸው እስኪያልቅ ይቀጥላሉ። እሱ የሚገዛው ከዛሬ በኋላ አዲስ ገዢ እንዳይመጣበት ነው። ስለዚህ ከውሉ ጋር አባሪ አያያዝኩ፤ እያንዳንዱ ሊዝ ዓይነቱ፣ የተሸጠበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀንና የዘፈኑ ርዕስ ተዘርዝሯል። አንብቦ እያንዳንዱን ገጽ ፈረመ።

እሱም ኮንተንት አይዲ ፈልጎ ነበር። እነዚህ ሊዞች በሕይወት እስካሉ ድረስ ቢቱ ያለበትን አሻራ ቢያስመዘግብ በጥር ወር ያየነው ችግር እንደገና ይነሳል። የመጨረሻው ሊዝ ሲያበቃ እንዲያስመዘግብ ተስማማን፤ ቀኑ በአባሪው ላይ አለ።

የሰጠሁት ኤክስክሉሲቭ ፈቃድ ነው፤ ባለቤትነቱን በሙሉ አላስተላለፍኩም። የደራሲነት ድርሻችን፣ የእኔ 40 እና የአዝማሪው 10፣ እንዳለ ነው። መጀመሪያ ላይ አዝማሪው የፈረሙት ወረቀት ኤክስክሉሲቭ እንድሸጥ ሥልጣን ስለሚሰጠኝ እንደገና አዲስ አበባ ፊርማ ፍለጋ አልሄድኩም፤ ቅጂውን ከውሉ ጋር አያይዤ ላክሁ።

ገንዘቡ እንደገባ ካፊያን ከመደብሩ አወረድኩ። የማስደመጫው ቪዲዮ ርዕስ ላይ «ተሽጧል» ብዬ ጻፍኩ። የቀረ አንድ ነገር አለ። የዳላሱ ራፐር ዘፈን ወደ 100,000 ስትሪም እየተጠጋ ነው፤ ወደ ላይኛው ፈቃድ ማደግ ይፈልጋል። ከኤክስክሉሲቩ በኋላ አዲስ ፈቃድ መስጠት አልችልም። በአባሪው ግን «ነባር ሊዝ የያዘ ሰው ጣሪያው ሲሞላ ወደ ያልተገደበው ማደግ ይችላል፤ የጊዜው ገደብ ግን አይራዘምም» የሚል መስመር አስገብቼ ስለነበር መንገዱ ክፍት ነው። የ150 ዶላር ደረሰኙን ዛሬ ላክሁለት። 30ው የአዝማሪው ነው፤ በሰኔው ሐዋላ ይሄዳል።